«ገባኝ» ያለችው እናት፦ ስለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ማስተማሪያ የተነሳ ውይይት

የለጠፍኩት ጽሑፍ አጭር ነበር። በቱሉ ዲምቱ አካባቢ አዲስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ሳሠለጥን የምጠቀምበትን የሚና ጨዋታ አስቀምጬ፣ ይህ ጨዋታ ማንንም አያስተምርም አልኩ። ከዚያም ምን ልቀንስ፣ ምን ልጨምር ብዬ ጠየቅኩ። አሥራ ስድስት መልስ መጣልኝ። አንዳንዱ ጠቀመኝ፣ አንዳንዱ አናደደኝ፣ አንዱ ደግሞ ጥያቄዬን ጨርሶ ሳይረዳው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውን ነገር አመጣ። የተባለውን በተራ ቁጥሩ ልተርከው፤ መጀመሪያ ግን ያስቀመጥኩት ጨዋታ ይኸውና፦

ባለሙያ፦ እህቴ፣ ልጅሽን ተቅማጥ ሲይዘው ምን ታደርጊያለሽ?
እናት፦ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እሰጠዋለሁ።
ባለሙያ፦ እንዴት ታዘጋጂዋለሽ?
እናት፦ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውኃ እበጠብጠዋለሁ።
ባለሙያ፦ ጎበዝ! ገባሽ?
እናት፦ አዎ ሲስተር፣ ገብቶኛል።

እንዲህ ያለች እናት ብትኖር ኖሮ እኛ ሥራ አይኖረንም ነበር። ጨዋታው ላይ እናት ሆና የምትጫወተው ሌላዋ ሠልጣኝ ስለሆነች መልሱን ሁሉ ታውቀዋለች። ሁለቱም ያጠኑትን ይወጣሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ይቀመጣሉ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝን ጉዳይም አብሬ አስፍሬ ነበር። ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ወንድ ልጇን ታቅፋ አገኘናት። ልጁ ስምንት ኪሎ ገደማ ነው። ተቅማጥ ከጀመረው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በሁለተኛው ቀን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወስዳው ሁለት ፓኬት ተሰጥቷታል፣ አበጣጠሩ ተነግሯታል፣ ገባኝ ብላ ወጥታለች። ቤቷ ውስጥ ግን ያለው የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ብቻ ነው። ሙሉውን ፓኬት በዚያ ሞልታ በጠበጠችው። ልጁ ፊቱን አጨማደደ፣ የዋጠውን መለሰ፣ ተቅማጡም ባሰበት። እሷም መድኃኒቱ አልተስማማውም ብላ ደፋችውና ቀጭን ሻይ ትሰጠው ጀመር። ስንደርስ ልጁ ይነጫነጫል፣ ዓይኑ ሰርጉዷል፣ ውኃ ሲቀርብለት ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ አለቅም ይላል። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠን ስንለቀው ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው።

እናትየዋ ያየችው ነገር ትክክል ነበር። በግማሽ ውኃ የተበጠበጠ ንጥረ ነገር ጨውና ስኳሩ እጥፍ ስለሚሆን ከሰውነት ውኃ እየሳበ ወደ አንጀት ያመጣል፤ ተቅማጡ በእርግጥም ይብሳል። የተሳሳተችው ጥፋቱን መድኃኒቱ ላይ በመጣሏ ብቻ ነው። ልጁን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ለአንድ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለስምንት ኪሎ 600 ሚሊ ሊትር በአራት ሰዓት ውስጥ መጠጣት ነበረበት። 600 ሚሊ ሊትር ሲባል እናትየዋ ደነገጠች። በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው ስንላት ግን ማንኪያውን ተቀበለችን። አንድ የሻይ ማንኪያ አምስት ሚሊ ሊትር ነው፤ በሰዓት ሠላሳ ማንኪያ፣ በአራት ሰዓት 600 ይሞላል። ሁለት ጊዜ መለሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ አሥር ደቂቃ ጠብቃ ቀስ ብላ ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ ሸና፣ ጡት ያዘ፣ ተኛ።

በዚህ መነሻ ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነው። እናት ሆና ለምትጫወተው ሠልጣኝ ሌላዋ የማታየው ካርድ ይሰጣት። ካርዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ፤ ለምሳሌ፦ ቤትሽ ያለው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ብቻ ነው፣ ካልተጠየቅሽ አትናገሪ።

1ኛው መልስ ከኮልፌ በኩል ከምትሠራ ባልደረባ ነው። በትሕትና አመስግና፣ እሷም ሠልጣኞቿን ከየቤታቸው የውኃ ዕቃ ይዘው እንዲመጡ እንደምታደርግ ነገረችን። አንዷ ጣሳ፣ አንዷ ጆግ፣ አንዷ የዘይት ጀሪካን ይዛ ትመጣለች፤ ሥልጠናው የሚጀምረው ከእነዚህ ውስጥ ሊትሩ የቱ ጋ እንደሆነ በመፈለግ ነው። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ራሳቸው ሲስቱ ማየት ያስተምራል አለች። ወዲያው ወሰድኩት።

2ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ፓኬቱን እንደ ድሮው «ለምለም» እያሉ ነው የሚጠሩት። ጠርሙሱ ላይ ማተኮሬን አልነቀፉም፤ ግን ከሊትሩ በፊት የምትመጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጨዋታው ጎድላለች አሉ። እናት ከጤና ጣቢያ የምትጠብቀው ተቅማጡን ቀጥ የሚያደርግ ነገር ነው። ለምለም ግን ተቅማጥ አያቆምም፤ የወጣውን ውኃና ጨው ይተካል። ይህ አስቀድሞ ካልተነገራት በትክክል በጥብጣ ብትሰጠው እንኳ በማግስቱ ልጁ አሁንም ሲቀመጥ ስታይ ትተወዋለች። እሳቸው የሚነግሯት ስለሚያፈስ ጀሪካን ነው። ቀዳዳው በራሱ ጊዜ ይደፈናል፣ ጥቂት ቀን ይፈጃል፤ እስከዚያው የእኛ ሥራ ጀሪካኑ ባዶ እንዳይሆን እየሞሉ መቆየት ነው። ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ እንደማያስፈልግም አከሉ።

3ኛው መልስ በአንድ መድኃኒት መደብር ከሚሠራ ሰው ነው፤ መፍትሔው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ ያሳምናል። ቤት ያለው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከሆነ ፓኬቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን መበጥበጥ፣ የቀረውን አጣጥፎ ለነገ ማስቀመጥ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ እኔም ከዓመታት በፊት ለአንዲት እናት ይህንኑ መክሬያለሁ።

4ኛዋ ይህን አልማረችውም። በፓኬቱ ውስጥ ያሉት ዱቄቶች ክብደታቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ጥግ ጨው፣ ሌላው ጥግ ግሉኮስ ሊበዛ ይችላል፤ በዓይን የተከፈለ ግማሽ መቼም ግማሽ አይደለም። የተከፈተው ደግሞ እርጥበት ስቦ ይጠጥራል። የግማሽ ሊትሩን ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ድስት ውስጥ መገልበጥና ሙሉውን ፓኬት እዚያ መበጥበጥ እያለ ዱቄት ሲከፍሉ መዋል ምን የሚሉት ብልሃት ነው ስትል ጨረሰች። አባባሏ ቢሻክርም እውነቷን ነው። እኔ ያገኘኋት እናት ቤትም ድስት ነበረ።

5ኛውን ስናነብ ብዙዎቻችን ፈገግ አልን። አንዲት እናት የአራት ዓመት ሴት ልጇ ድርቀት እያስቸገራት መሆኑን ጽፋ፣ ይህ ንጥረ ነገር ድርቀት የሚከላከል ከሆነ ለሷም ይሆን እንደሆነ ጠየቀች። ልጅቷ ያለባት የሆድ ድርቀት ነው።

6ኛው መልስ ግን ፈገግታችንን አጠፋው። የጻፈችው በገላን በኩል የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። እናትየዋ ምንም አልተሳሳተችም፤ የተሳሳትነው እኛ ነን አለች። ልጅሽን ተቅማጥ ሲይዘው ድርቀት ያሠጋዋል ስንል እናት የምትሰማው አንድ ነገር ነው፤ ሆዱ ይደርቃል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ሆዱ መድረቁ ደግሞ በሽታ ሳይሆን ምኞት ነው! እንዲያውም አንዲት አያት ድርቀት ያመጣል የተባለውን ተቅማጥ እሰይ ብለው ሲጠብቁ አግኝታለች። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ትታ የምትናገረው ሰውነቱ ውኃ እየጎደለው ነው በማለት ነው። ምልክቱንም እናት በምታውቀው ነገር ታሳያለች። ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም፣ እርግብግቢቱ ይጎደጉዳል፣ ሽንቱ ይቀንሳል።

ማስተማሪያችንን አውጥቼ ቆጠርኩ። በአራት ገጽ ውስጥ ድርቀት የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ አንድም ቦታ የምን ድርቀት እንደሆነ አይልም። ስንት ዓመት ሳነበው አላየሁትም ነበር። ለ5ኛዋ እናት ደግሞ ንጥረ ነገሩ ለሆድ ድርቀት እንዳልተሠራ ገልጬ ልጅቷን ጤና ጣቢያ እንድታሳያት ጻፍኩላት።

7ኛው ስለ አያቶች ነው። የጻፈው ወንድ ባለሙያ ጨዋታችን ሁልጊዜ አንቺ፣ አንቺ እያለ ለወጣት እናት ብቻ የሚናገር መሆኑን ታዘበ። እሱ በሚሠራበት ሰፈር ግን እናትየዋ ቀን ሥራ ላይ ናት፤ ልጁን የሚይዙት አያት ወይም ሞግዚት ናቸው። አያት የጥርስ ተቅማጥ ነው ካሉ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል። እሳቸውን አንቱ ብሎ፣ ቁጭ ብሎ፣ ልጆቻቸውን በምን እንዳሳደጉ ጠይቆ ካልሆነ ፓኬቱ ከመስኮቱ ላይ አይነሳም። ጥርስም ቢሆን ውኃው መጉደሉ አይቀርም ብሎ ማለፍ እንጂ ስለ ጥርስ መከራከር አያዋጣም አለ። ሁለተኛውን ካርድ ከዚህ ወሰድኩ።

8ኛው ማንበብ የሚወድ ሰው ነው። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቤት ለቤት እየዞረ ሚሊዮኖች እናቶችን በቤት ውስጥ ከጨውና ከስኳር ማዘጋጀት እንዳስተማረ፣ የአስተማሪዎቹ ክፍያም ስንት ቤት ገቡ በሚል ሳይሆን እናቶቹ በኋላ ሲጠየቁ ምን ያህሉን አስታወሱ፣ ሲያዘጋጁስ በልኩ አዘጋጁ ወይ በሚል እንደተወሰነ አስረዳ። ቀጥሎ እኛም እንዲህ ብንሆን አለ።

9ኛዋ ተቆጣች። የሷ ደመወዝ በእናት ትውስታ ቢለካ ወር ሳይሞላ እንደምትራብ፣ በቀን የምትሞላው ቅጽ ጊዜዋን እንደሚወስድባት፣ ከቢሮ ሆኖ የሰው አገር ምሳሌ ማምጣት ቀላል እንደሆነ ጻፈች። 8ኛውም ቢሮ እንደሌለው መለሰላት። ይህ ልውውጥ ከዚህ በላይ መተረክ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ የባንግላዴሹ ነገር አንድ ቁም ነገር አለው፤ ገባኝ የሚለው ቃል ውጤት ተደርጎ አልተቆጠረም።

10ኛው ላይ ውይይቱ ወደ ውኃ ሄደ። በኮንዶሚኒየሞቹ ውኃ በፈረቃ ስለመምጣቱ፣ ስለ ሮቶ፣ አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ስለማውጣት በሰፊው ተጻፈ። 11ኛው መልስ ሮቶውን እንዴት እንደሚያጥብ አስተማረን፤ ጥሩ ምክር ነው፣ ግን የሌላ ቀን ነው። 12ኛዋ ወደ ጉዳዩ ልትመልሰን ሞክራ ግማሹን ሳተች። ውኃው ካላስተማመነ የተበጠበጠውን ንጥረ ነገር ማፍላት ነው አለች። ጡረተኛዋ ነርስ በዚያው ቁጥር ሥር ገብተው አረሙ። የሚፈላው ውኃው ነው፤ ከፈላ በኋላ ቀዝቅዞ ይበጠበጥበታል እንጂ የተበጠበጠው እሳት ላይ አይጣድም። በክዳን ተሸፍኖ 24 ሰዓት ይቆያል፤ የተረፈው ይደፋል።

13ኛው መልስ እኚህኑ ነርስ በቀጥታ ተጋፈጠ። ጸሐፊዋ ወጣት ነርስ ትመስለኛለች። ይህ መድኃኒት ተቅማጥ አያቆምም ብሎ መጀመር እናትን በቀጥታ ወደ መድኃኒት መደብር መላክ ነው አለች። እዚያም ሜትሮኒዳዞል የተባለውን የባክቴሪያና የጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒት ትገዛለች፤ አብዛኛው የሕፃናት ውኃማ ተቅማጥ ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ምንም አይሠራለትም። ስለዚህ ከንጥረ ነገሩ ጋር አብሮ ከሚሰጠው የዚንክ ፍሬ እንጀምር ባይ ናት። ዚንክ የተቅማጡን ዕድሜ ስለሚያሳጥር እናት የምትፈልገውን ነገር ይሰጣታል፤ ስለ ውኃው በዚያው መንገድ ሰተት ብሎ ይገባል።

14ኛው የነርሷ መልስ ሲሆን ከቀድሞው ትሕትናቸው ጥቂት ቀንሷል። ዚንኩን ማንም አልተወውም፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን አንድ 20 ሚሊ ግራም ፍሬ በማንኪያ ውስጥ ሟሙቶ ለ10 ቀን ይሰጣል። ነገር ግን ተቅማጥ ያቆማል ተብሎ የተሰጣት እናት በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩንም ታቆማለች፤ በሁለተኛው ቀን ካላቆመ ደግሞ ሁለቱንም ትጥላለች። እሳቸው በአርባ ዓመት ሥራቸው ያልዋሹትን አሁን አይዋሹም አሉ። 13ኛዋም ዋሹ አላልኩም ብላ ዘጋች። ማን እንደረታ አላውቅም። እኔ ለጊዜው የነርሷን ቃል አስቀድሜ ዚንኩን ወዲያው አስከተልኩ፤ በሌላ ቡድን ተገላብጦ ቢሞከር ግን አልቃወምም።

እስከዚህ የመጣውን ይዤ አዲሱን ጨዋታ ጻፍኩና እዚያው ለጠፍኩት። የእናትየዋ ካርድ የግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ነው።

ባለሙያ፦ እህቴ፣ እስካሁን ምን ሰጠሽው?
እናት፦ ይህንን የሰጡኝን። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም ሲስተር።
ባለሙያ፦ ማየትሽ ጥሩ ነው። በምን በጠበጥሽው? እስኪ ዕቃውን አሳዪኝ።
እናት፦ በዚህ ጠርሙስ።
ባለሙያ፦ ይህ ግማሽ ሊትር ነው፤ ጨውና ስኳሩ በዝቶበት ነው የባሰበት። ድስት አለሽ? እንግዲህ ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ ሞልተሽ ገልብጪበት። አሁን ፓኬቱን በሙሉ ጨምሪና አማስዪው። ቅመሽው፤ እንዴት ነው?
እናት፦ እንባ እንባ ይላል።
ባለሙያ፦ ልክ ነው፤ ከእንባ ከበለጠ ውኃው አንሷል ማለት ነው። ይህ ተቅማጡን አያቆመውም፤ የሚወጣውን ውኃ ይተካለታል። ተቅማጡ በጥቂት ቀን ይተወዋል፤ ዚንኩ ቶሎ እንዲተወው ያግዘዋል፤ ቢተወውም ዚንኩን 10 ቀን ጨርሺ። ጡቱንም ምግቡንም እንዳታቋርጪበት። አሁን ማንኪያውን ያዢና ስትሰጪው ልይ። ቢመልስ ምን ታደርጊያለሽ?
እናት፦ ልተወው?
ባለሙያ፦ አሥር ደቂቃ ጠብቀሽ ቀስ ብለሽ ቀጥዪ። መጠጣት ካቃተው፣ የሚሰጠውን ሁሉ ከመለሰ፣ ከደከመና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ደም ካየሽ ግን ሳትጠብቂ ወደ ጤና ጣቢያ አምጪው።

ገባሽ የሚለው ቃል የለበትም። ሆን ብዬ ነው።

15ኛዋ 4ኛዋ ራሷ ነች፤ ዘንድሮ ያመሰገነችው ነገር ቢኖር ይህን ነው። ወዲያው ግን ጉድለቱን አገኘች። የልጁ የጎደለው ውኃ ከተተካ በኋላ ቤት ውስጥ በእያንዳንዱ ተቅማጥ ማግስት ሳይሆን ወዲያው ስንት እንደሚሰጠው አልተናገርኩም። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሚሊ ሊትር ያለው ቤት ግን የለም። አንድ የቡና ሲኒ ብለህ ጻፍ፣ ሲኒ የሌለው ቤት የለም አለችኝ።

16ኛው አጭር ነው። ያ ማንበብ የሚወደው ሰው ተመልሶ መጥቶ፣ የማን ቤት ሲኒ ብሎ ጠየቀ።

ማታ ቤት ገብቼ ያሉኝን ስድስት ሲኒዎች አወጣሁና በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውኃ እየሞላሁ ለካኋቸው። የአራቱ 70 ነው። እናቴ የሰጠችኝ ትንሿ 50 ብቻ ትይዛለች። ከመርካቶ የገዛሁት ሰፊው ደግሞ እስከ አፉ ሲሞላ 100 ሆነ። ሁሉም ከ50 እስከ 100 ባለው ውስጥ ገቡ፤ አንድ ሲኒ ብዬ ጻፍኩ። የማክሰኞዎቹ ሠልጣኞች ግን ከጠርሙሱ ጋር ሲኒም ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።